ታይትል ኢንሹራንስ፦ የባንኩ፣ መደበኛው ወይስ ሰፊው? ለቤት ገዢ የትኛው ምን ይሸፍናል

አሜሪካ ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው ከክሎዚንግ፣ ማለትም ግዢው ተፈርሞ ከሚጠናቀቅበት ዕለት፣ በፊት በሚላክለት የወጪ ዝርዝር ላይ ታይትል ኢንሹራንስ፣ የቤት ባለቤትነት መብትን የሚጠብቀውን ዋስትና፣ ሁለት ቦታ ያየዋል። አንደኛው አበዳሪው የሚያስገድደው ነው። ሁለተኛው አጠገቡ «አማራጭ» ተብሎ ተጽፎበታል። ለቅድመ ክፍያ ዓመታት የቆጠበ፣ ከዘመድ የተበደረ፣ በዕቁብ ያጠራቀመ ገዢ በዚያ ሳምንት እያንዳንዱ ብር ስለሚያሳስበው «አማራጭ» የሚለውን ሲያይ «እሱ ይቅርብኝ» ማለት ይቀናዋል። የሚያስቀረው ግን እሱን ራሱን የሚጠብቀውን ነው። ግዴታ የሆነው ፖሊሲ ዋጋውን ገዢው ቢከፍልም የሚጠብቀው ባንኩን ብቻ ነው።

ስለዚህ ንጽጽሩ በሦስት አማራጮች መካከል ነው፦ የባንኩን ፖሊሲ ብቻ ይዞ መቅረት፣ መደበኛውን የባለቤት ፖሊሲ መጨመር፣ ወይም ሰፊውን የቤት ባለቤት ፖሊሲ መግዛት። ምሳሌዬን የማደርገው ብዙ ሐበሻ ቤት የሚገዛባትን ቨርጂኒያን ነው። የፖሊሲዎቹ ቃል ግን በአብዛኛው ግዛት ተመሳሳይ ነው፤ ምክንያቱም ኩባንያዎቹ የሚጠቀሙት የአሜሪካ የመሬት ታይትል ማኅበር ያዘጋጃቸውን የጋራ ቅጾች ነው።

መዝገብ ቤቱ ለምን አይበቃም

አገር ቤት ቤት ሲገዛ ካርታው ይታያል፣ ከመሬት አስተዳደር ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑ ይጠየቃል፣ ስም ይዛወራል። ከዚያ የመጣ ሰው አሜሪካም እንዲሁ መንግሥት «ባለቤቱ እገሌ ነው» ብሎ የሚያረጋግጥበት ቢሮ ያለ ይመስለዋል። በአብዛኛው የአሜሪካ ግዛት እንዲህ ያለ ማረጋገጫ የለም። በየካውንቲው ያለው መዝገብ ቤት፣ በቨርጂኒያ የሰርኪት ፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ቢሮ፣ የሚመጣለትን ዲድ የሚባል የባለቤትነት ማስተላለፊያ ሰነድ፣ ሞርጌጅና የዕዳ ማስታወቂያ ተቀብሎ ይመዘግባል እንጂ ፊርማው የእውነት ይሁን የሐሰት አይመረምርም። ሻጩ ባለትዳር መሆኑን፣ በውክልና የፈረመው ሰው ወካዩ በሕይወት እያለ መፈረሙን የሚያጣራ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የለም።

በዚህ ምክንያት ቤት ሲሸጥ የታይትል ድርጅቱ መዝገቡን ወደ ኋላ እየሄደ ይመረምራል፤ ያልተዘጋ ሞርጌጅ፣ ያልተከፈለ የንብረት ግብር፣ በሻጩ ስም የተፈረደ ዕዳ ይፈልጋል። ምርመራው የሚያገኘውን ከክሎዚንግ በፊት ያስተካክላል። ኢንሹራንሱ የሚያስፈልገው ምርመራው ሊያገኘው ለማይችለው ነው። የተጭበረበረ ፊርማ መዝገብ ላይ ከእውነተኛ ፊርማ አይለይም። ከሞተ ሰው የወረሱ ሦስት ልጆች ቤቱን ሲሸጡ አራተኛ ወራሽ እንዳለ ካልተናገሩ መዝገቡ አይናገርባቸውም። ወካዩ ከሞተ በኋላ በውክልና የተፈረመ ዲድ ላይ ላዩን ሲያዩት ምንም አይጎድለውም።

ለእኛ ማኅበረሰብ የተለየ አንድ ችግር ደግሞ አለ። የፍርድ ዕዳ የሚፈለገው በስም ነው። ተስፋዬ፣ ከበደ፣ ኃይሉ የሚሉ የአባት ስሞች የቤተሰብ ስም ሆነው በገቡበት ካውንቲ በአንድ ስም የሚጠሩ ብዙ ሰዎች ይኖራሉ። የሌላ ሰው ዕዳ በእርስዎ ስም ላይ ሲወጣ የታይትል ድርጅቱ «እኔ አይደለሁም» የሚል የማንነት ቃለ መሐላ ያስፈርማል። ይህ የሚያስቆጣ ነገር አይደለም። የሚያስፈራው በተቃራኒው ሲሆን ነው፦ የሻጩ ስም በአንድ ሰነድ አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት ፊደል ተጽፎ እውነተኛ ዕዳው ከፍለጋው ሲያመልጥ። እንዲህ ያለው ዕዳ ቤቱን ተከትሎ ወደ አዲሱ ባለቤት ይመጣል።

ሦስቱ ፖሊሲዎች

የባንኩ ፖሊሲ መጠኑ የብድሩ መጠን ነው፣ ብድሩ ሲቀንስ እሱም ይቀንሳል፣ ብድሩ ሲያልቅ ያበቃል። ጉድለት ቢገኝና ቤቱ ከእጅዎ ቢወጣ ኩባንያው ለባንኩ ይከፍላል። ያስገቡት ቅድመ ክፍያ፣ ለዓመታት የከፈሉት ዋናው ብድር፣ ቤቱ የጨመረው ዋጋ በዚህ ፖሊሲ ውስጥ የለም። በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ደግሞ የሚያስገድደው አበዳሪ ስለሌለ የባለቤት ፖሊሲ ራሱ ካልጠየቀ በስተቀር ምንም ፖሊሲ አይኖረውም። ቤተሰብ ተሰባስቦ ገንዘብ አዋጥቶ በካሽ ሲገዛ ይህን አንድ ሰው ማስታወስ አለበት።

መደበኛው የባለቤት ፖሊሲ መጠኑ የቤቱ መግዣ ዋጋ ነው። የሚከፈለው አንድ ጊዜ፣ በክሎዚንግ ዕለት ነው፤ እርስዎ ወይም ወራሾችዎ ባለቤት እስከሆናችሁ ድረስ ይቆያል። የሚሸፍነው ከክሎዚንግ በፊት የተፈጠረውን ጉድለት ነው፦ የተጭበረበረ ወይም በማስገደድ የተፈረመ ዲድ፣ ለመፈረም መብት የሌለው ሰው የፈረመው፣ በትክክል ያልተረጋገጠ ወይም መዝገብ ላይ በስህተት የገባ ሰነድ፣ የተሳሳተ የፍርድ ቤት ሂደት፣ ያልተከፈለ ያለፈ ግብር፣ ያልተሰረዘ የድሮ ሞርጌጅ፣ ወደ ቤቱ የሚያስገባ ሕጋዊ መንገድ አለመኖር፣ ሌላ ገዢ ላለመግዛት ምክንያት የሚሆን የባለቤትነት እንከን። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ኩባንያው ጠበቃ አቁሞ ይከራከርልዎታል። በእኔ እምነት የፖሊሲው ግማሽ ዋጋ እዚህ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ እርስዎ የሚረቱበት ክስ እንኳ እስኪያልቅ ድረስ የጠበቃ ክፍያው ብቻውን ቤተሰብ ያናጋል።

ሰፊው የቤት ባለቤት ፖሊሲ የመደበኛውን ይዞ ሌላ ይጨምራል። የሚሸጠው ከአንድ እስከ አራት ቤተሰብ ለሚያኖር መኖሪያ ቤት፣ ለግለሰብ ገዢ ነው፤ በኩባንያ ስም ለሚገዛ ወይም ለባዶ መሬት አይሰጥም። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከመደበኛው ከ10 እስከ 20 በመቶ ይበልጣል። ዋናው ልዩነቱ ከክሎዚንግ በኋላ የሚመጣን አንዳንድ ነገር መሸፈኑ ነው። ከተገዛ ዓመታት በኋላ አንድ አጭበርባሪ ፊርማዎን አስመስሎ ቤቱን ቢሸጠው ወይም ቢያስይዘው መደበኛው ፖሊሲ «ከፖሊሲው ቀን በኋላ ነው» ይልዎታል፤ ሰፊው ይሸፍናል። ጎረቤትዎ በኋላ ግቢዎ ውስጥ የገባ ጎጆ ወይም ጋራዥ ቢሠራም እንዲሁ ነው፤ አጥር ቢያስገባ ግን ከዚህ ሽፋን ውጭ ነው። የቀድሞው ባለቤት ያለ ፐርሚት የሠራውን እንዲያፈርሱ ሲገደዱም የተወሰነ ክፍያ አለው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሌላው ልዩነት የመጠኑ ማደግ ነው። የሰፊው ፖሊሲ መጠን በየዓመቱ 10 በመቶ እየጨመረ በ5 ዓመት 150 በመቶ ይደርሳል። በ600,000 ዶላር የተገዛ ቤት ከስድስት ዓመት በኋላ 780,000 ቢያወጣና ባለቤትነቱ በሙሉ ቢጠፋ መደበኛው ከ600,000 በላይ አይከፍልም። የሰፊው ጣሪያ 900,000 ስለደረሰ የቤቱን የዚያን ጊዜ ዋጋ ሊሸፍን ይችላል።

አንድ ቤት፣ አራት ውጤት

በሰሜን ቨርጂኒያ በተደጋጋሚ የሚያጋጥመውን ዓይነት ቤት እንውሰድ። አንድ ነጋዴ አሮጌ ቤት ገዝቶ ጣሪያ ቀይሮ፣ ኤሌክትሪክ አድሶ፣ ቤዝመንቱን መኝታ ቤትና መታጠቢያ አድርጎ ለሽያጭ ያወጣዋል። ገዢው በ600,000 ዶላር ይገዛዋል፣ 540,000 ብድር ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሥራውን የጨረሰው ኤፕሪል 20 ነው፣ ክሎዚንጉ ሜይ 10 ነው። ነጋዴው 28,000 ዶላር አልከፈለውም።

በቨርጂኒያ ሕግ ያልተከፈለው ሠራተኛ ቤቱ ላይ የሠራተኛ ዕዳ፣ በተለምዶ ሜካኒክስ ሊን የሚባለውን፣ ለማስመዝገብ ሥራውን ካቆመ በኋላ ወደ 90 ቀን ገደማ ጊዜ አለው። መብቱ የሚነሳው ከሥራው ነው፤ ምዝገባው በኋላ ቢመጣም። ስለዚህ ሜይ 10 ቀን የታይትል ድርጅቱ መዝገቡን ቢፈትሽ ምንም አያገኝም፤ መዝገቡ ንጹህ ነው። ጁን ላይ ሠራተኛው ማስታወቂያውን ያስመዘግባል። ለነጋዴው ሳይሆን ለአዲሱ ባለቤት ቤት ላይ ነው የሚያርፈው፤ ካልተፈታም ቤቱን በፍርድ ቤት እስከማሸጥ ሊደርስ ይችላል።

የባንኩን ፖሊሲ ብቻ የያዘው ገዢ ብቻውን ነው። ወይ 28,000 ይከፍላል፣ ወይ ጠበቃ ቀጥሮ ይከራከራል፣ ከዚያም ነጋዴውን ይፈልጋል። ነጋዴው ለዚያ አንድ ቤት ብሎ ያቋቋመው ኩባንያ ከሆነ ገንዘቡ ከተወሰደ በኋላ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይገኛል።

መደበኛውን ፖሊሲ የያዘው ገዢ ሁለት ዕድል አለው፤ የሚለየው ደግሞ ብዙ ሰው ባላየው አንድ ገጽ ነው። ፖሊሲው ስኬጁል ቢ የሚባል ክፍል አለው፣ እዚያ «ይህን አንሸፍንም» የተባሉት ይዘረዘራሉ። እዚያ ውስጥ «መዝገብ ላይ ያልታየ የሠራተኛና የዕቃ አቅራቢ ዕዳ» የሚል መስመር ካለ ኩባንያው 28,000ውን አይነካም። መስመሩ ከተሰረዘ ግን ጉዳዩ የኩባንያው ነው፤ ወይ ሠራተኛውን ይከፍላል፣ ወይ ዋስ አስይዞ ዕዳውን ከቤቱ ላይ ያስነሳል፣ ወይ ይከራከራል። መስመሩ የሚሰረዘው ሻጩ «ለሠራተኛ ሁሉ ከፍያለሁ» ብሎ ቃለ መሐላ ሲፈርምና ኩባንያው ሲቀበለው ነው። ይህን ሥራ ታይትል ድርጅቱ ይሠራዋል፣ መሠራቱን ግን የሚያረጋግጠው ገዢው መሆን አለበት።

ሰፊው ፖሊሲ በራሱ ቃል ከፖሊሲው ቀን በፊት ለተሠራ ሥራ የሚመጣን ዕዳ፣ ከቀኑ በኋላ ቢመዘገብም፣ ይሸፍናል። ይህም ቢሆን ስኬጁል ቢ ላይ «አንሸፍንም» ተብሎ ካልተጻፈ ነው። ስለዚህ «ሰፊውን ገዝቻለሁ» ማለት ገጹን ከማንበብ አያድንም።

አሁን ወደ ቤዝመንቱ እንምጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ የካውንቲው ተቆጣጣሪ ለሌላ ጉዳይ መጥቶ ቤዝመንቱ ፐርሚት እንደሌለው ያያል፤ በሕጉ መሠረት አስተካክሉ ወይም አፍርሱ ይላል። ወጪው 38,000 ዶላር ነው እንበል። የባንኩ ፖሊሲም መደበኛውም እዚህ ላይ ዝም ይላሉ፤ የግንባታ ፈቃድ ጉዳይ ከባለቤትነት ጉዳይ ውጭ ነው። ሰፊው ፖሊሲ በማኅበሩ ቅጽ መሠረት ለዚህ ጉዳይ ከእርስዎ የሚቀነስ ድርሻና ጣሪያ አለው። ድርሻዎ ከፖሊሲው መጠን 1 በመቶ ወይም 5,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ዝቅተኛው ነው። ከ600,000 1 በመቶ 6,000 ስለሆነ ድርሻዎ 5,000 ይሆናል። ጣሪያው ደግሞ 25,000 ነው። ከ38,000 ላይ 5,000 ሲቀነስ 33,000 ይቀራል፣ ከጣሪያው ስለሚበልጥ ኩባንያው 25,000 ይከፍላል። 13,000 ከእርስዎ ኪስ ይወጣል። ሙሉ አይደለም፣ ግን ከሦስቱ ፖሊሲዎች አንድ ነገር የሚከፍለው ይኼኛው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ሁኔታዎች አሉ። የመጀመሪያው «መገደድ» ነው፤ ፐርሚት እንደሌለ ማወቅዎ ብቻ አይበቃም፣ ባለሥልጣን አስተካክል ማለት አለበት። ሁለተኛው ከባድ ነው፦ ሲገዙ ያውቁ ከነበረና ለኩባንያው በጽሑፍ ካልነገሩ፣ ጉዳዩም መዝገብ ላይ ካልነበረ፣ ሽፋን የለም። የቤት ምርመራ ሪፖርትዎ ላይ «ቤዝመንቱ ያለ ፐርሚት የተሠራ ይመስላል» የሚል አንድ መስመር ካለ፣ ያ ሪፖርት በኋላ በእርስዎ ላይ ማስረጃ ይሆናል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መስመር ሲያዩ ኢንሹራንስ ላይ አይደገፉ። ቤዝመንቱን ለማከራየት አስበው ከሆነ በተለይ፣ ከክሎዚንግ በፊት ካውንቲውን ይጠይቁና ሻጩ ፐርሚቱን እንዲያወጣ ወይም ዋጋ እንዲቀንስ ያድርጉ።

ሦስቱም የማይሸፍኑት

ብዙ ሰው ታይትል ኢንሹራንስን ከቤት ኢንሹራንስ ጋር ያደባልቀዋል። ጣሪያው ቢያፈስ፣ መሠረቱ ቢሰነጠቅ፣ ሻጋታ ቢገኝ፣ ጎርፍ ቢመጣ ታይትል ኢንሹራንስ አይመለከተውም። ፖሊሲው የሚጠብቀው «ይህ ቤት የእኔ ነው» የሚለውን መብት እንጂ ግድግዳውን አይደለም።

መንግሥት ለመንገድ ብሎ ቦታውን ቢወስድ፣ ወይም የዞን ሕግ ተለውጦ ያሰቡትን ማድረግ ቢከለከሉ እንዲሁ ውጭ ነው። ሰፊው ፖሊሲ በዞን ሕግ ጉዳይ በተወሰነ መጠን ይገባል፣ ግን ሲገዙ ለነበረው ጥሰት ነው።

እርስዎ ራስዎ የፈጠሩት፣ የተስማሙበት ወይም የተቀበሉት ነገር አይሸፈንም። ከክሎዚንግ በፊት «ኩሽናውን እኔ እከፍላለሁ፣ ሠራተኛውን አስገቡልኝ» ብለው ከተስማሙና ሠራተኛው ሳይከፈለው ቀርቶ ዕዳ ቢያስመዘግብ፣ የእርስዎ ስምምነት ነውና ኩባንያው አይከፍልልዎትም።

ስኬጁል ቢ ላይ በስም የተጻፉትም ውጭ ናቸው፤ ከእነሱ መካከል መደበኛዎቹንና ልዩዎቹን መለየት ያስፈልጋል። መደበኛ የሚባሉት በየፖሊሲው የሚታተሙ ናቸው፦ ቤቱ ውስጥ ያለ ተከራይ መብት፣ ልኬት ቢደረግ የሚታይ የድንበር ጉዳይ፣ ያልተመዘገበ የማለፍ መብት፣ ከላይ ያየነው የሠራተኛ ዕዳ። እነዚህ በቃለ መሐላና በድንበር ልኬት ብዙ ጊዜ ይሰረዛሉ። ልዩ የሚባሉት ለዚያ ቤት ብቻ የተጻፉ ናቸው፦ በ1962 ለመብራት ድርጅት የተሰጠ የመስመር መብት፣ የመንደሩ ማኅበር ደንብ፣ ከጎረቤት ጋር የጋራ የመኪና መግቢያ። እነዚህ አይሰረዙም። ማወቅ ያለብዎት የት እንደሚያልፉና ለምን እንደሚያግዱ ነው። መዋኛ ልታስቆፍሩበት ባሰባችሁት ቦታ ስር የፍሳሽ መስመር መብት ካለ ኢንሹራንሱ የሚያደርገው ነገር የለም፤ ከመግዛት በፊት ማወቅ ብቻ ነው መፍትሔው።

ገንዘብ በባንክ ሲተላለፍ የሚፈጸም ማጭበርበር ከሁሉ የበለጠ የሚያሳዝነው ነው። ከታይትል ድርጅቱ የመጣ የሚመስል ኢሜይል «የባንክ ቁጥራችን ተቀይሯል» ይላል፣ ገዢው ቅድመ ክፍያውን በሙሉ ወደ ሌባው ሒሳብ ይልካል። ይህ የባለቤትነት ጉድለት አይደለም፣ ታይትል ኢንሹራንስም አይከፍለውም። ገንዘብ ከመላክዎ በፊት ኢሜይሉ ላይ ያለውን ቁጥር ሳይሆን መጀመሪያ ውል ሲፈርሙ የተሰጠዎትን ስልክ ደውለው የባንክ ቁጥሩን አንድ በአንድ ያስነብቡ።

በሬዲዮና በማኅበራዊ ሚዲያ ቤትዎን ከዲድ ሌባ «እንቆልፋለን» ብለው በየወሩ የሚያስከፍሉ አገልግሎቶችም አሉ። የሚያደርጉት መዝገቡ ላይ በስምዎ አዲስ ነገር ሲገባ ማሳወቅ ነው፤ መዝገቡን የመዝጋት ሥልጣን የላቸውም፣ እንደ ታይትል ፖሊሲም የጠፋ ባለቤትነት አይከፍሉም። ብዙ ካውንቲዎች እንዲህ ያለውን ማሳወቂያ በነፃ ይሰጣሉ፣ የእርስዎን መዝገብ ቤት ይጠይቁ።

ለየትኛው ቤት የትኛው

ታድሶ የተሸጠ፣ የተጨመረበት፣ ቤዝመንቱ የተሠራ ወይም አጥር ያለው ቤት ከሆነ ሰፊው ፖሊሲ ተጨማሪ ዋጋውን ያወጣል ብዬ አምናለሁ። አዲስ ተሠርቶ ከግንበኛው በቀጥታ የሚገዛ ቤትም ታሪክ የለውም ብለው አይለፉት፤ መሬቱ ታሪክ አለው፣ ሠራተኞቹ ደግሞ ያልተከፈላቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

ኮንዶሚኒየም ሲሆን ሒሳቡ ይለወጣል። አጥር የለም፣ ከግድግዳው ውጭ ያለው የማኅበሩ ነው፣ የድንበር ጉዳይ የለም ማለት ይቻላል። የሰፊው ዋና ጥቅም እዚያ የሚሆነው የኋለኛው ፊርማ ማጭበርበርና የመጠኑ ማደግ ነው። ገንዘብ በጣም ካጠረ በኮንዶ ላይ መደበኛውን መግዛት ያስኬዳል። የባለቤት ፖሊሲን ጨርሶ መተው ግን በየትኛውም ቤት አልመክርም።

ቤቱን በኩባንያ ስም ለመግዛት ካሰቡ ሰፊው አይገኝም። በስምዎ ገዝተው በኋላ ወደ ኩባንያ ወይም ወደ ቤተሰብ ለማዛወር ካሰቡ ዲድ ከመፈረምዎ በፊት ለኩባንያው ጽፈው ሽፋኑ ይቀጥል እንደሆነ ይጠይቁ። ሰፊው ፖሊሲ ለወራሽ፣ በፍቺ ቤቱ ለሚደርሰው የትዳር ጓደኛ፣ ለንብረት ማስተላለፊያ ለተቋቋመ የራስዎ ትረስት ይቀጥላል። ልጅን ወይም ወንድምን በዲድ መጨመር ግን አዲሱን ሰው በራሱ ባለ ዋስትና አያደርገውም፤ «ስሙን ብቻ ጨመርኩት» የሚለው ነገር ብዙ ቤተሰብ ውስጥ ስላለ ይህን አስምሬ እናገራለሁ።

ዋጋውን ሲያነጻጽሩ

ሁለቱ ፖሊሲዎች፣ የባንኩና የእርስዎ፣ ከአንድ ኩባንያ በአንድ ቀን ሲገዙ የባንኩ በጣም ዝቅ ይላል። ይሁን እንጂ በፌዴራሉ ደንብ መሠረት በሚላክልዎት የክሎዚንግ ዲስክሎዠር ላይ የባንኩ በሙሉ ዋጋው ተጽፎ ቅናሹ ከእርስዎ ፖሊሲ ላይ ይታያል። ስለዚህ ኤች በሚለው ክፍል ውስጥ «አማራጭ» ተብሎ የተቀመጠው ቁጥር የእርስዎን ፖሊሲ መጨመር በእርግጥ ስንት እንደሚያስወጣ ያሳያል። ይህ ቁጥር ከመደበኛው ነው ወይስ ከሰፊው የመጣው? ወረቀቱ ላይ ላይገለጽ ስለሚችል ሁለቱንም በጽሑፍ ይጠይቁ።

ዋጋው እንደ ግዛቱ ይለያያል። በቴክሳስና በፍሎሪዳ አረቦኑን ግዛቱ ስለሚወስን በኩባንያዎች መካከል ልዩነት አይፈልጉ፤ እዚያ የሚወዳደሩት የክሎዚንግ አገልግሎት ክፍያዎች ናቸው። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ግን ከሁለት ሦስት ድርጅት ዋጋ መጠየቅ ያዋጣል። ሻጩ ቤቱን በቅርብ ዓመታት ገዝቶ ፖሊሲ ካለው የድጋሚ ቅናሽ እንዳለ ይጠይቁ፣ የፖሊሲውን ቅጂ ከሻጩ ማግኘት ሊያስፈልግ ይችላል። ሪያልተርዎ አንድ ድርጅት ቢጠቁም ግዴታ አይደለም። የፌዴራሉ ሕግ በሚመለከተው ሞርጌጅ፣ ማለትም በአብዛኛው የባንክ ብድር፣ በሚገዛ ቤት ሻጩ «ከዚህ ኩባንያ ካልገዛህ አልሸጥልህም» ማለት በሕግ ተከልክሏል።

ዋናው ሥራ ግን ዋጋ ሳይሆን ኮሚትመንት የሚባለው ሰነድ ነው። ከክሎዚንግ በፊት የሚወጣ የፖሊሲው ረቂቅ ነው፤ ሳይጠይቁ ብዙ ጊዜ ወደ አበዳሪው እንጂ ወደ እርስዎ አይመጣም። ቢያንስ ከክሎዚንግ አንድ ሳምንት በፊት ይላክልኝ ይበሉ። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ስምዎ በትክክል መጻፉን፣ የፖሊሲው ዓይነትና መጠን እርስዎ የፈለጉት መሆኑን ይዩ። ከዚያ ስኬጁል ቢ ሁለተኛ ክፍልን ያንብቡና በእያንዳንዱ ልዩ መስመር ላይ የተጠቀሰውን ሰነድ ቅጂ ይጠይቁ። መደበኛዎቹን መስመሮች «እነዚህ በክሎዚንግ ላይ ይሰረዛሉ?» ብለው በኢሜይል ይጠይቁ፣ መልሱን ያስቀምጡ። ድንበሩ ላይ ያለው መስመር እንዲሰረዝ ልኬት ከተጠየቁ ወጪውን አይሽሹ፤ አጥር፣ መግቢያ ወይም ጎጆ ባለበት ቤት ከሚከፍሉት ሁሉ ለዓመታት የሚጠቅምዎት እሱ ነው።

ጉዳይ ሲመጣ

አንድ ቀን ከጠበቃ ደብዳቤ ወይም ከፍርድ ቤት መጥሪያ ቢመጣ የመጀመሪያው እርምጃ ፖሊሲውን ማውጣትና በላዩ ላይ በተጻፈው አድራሻ ለኩባንያው በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። ፖሊሲው በክሎዚንግ ዕለት ሳይሆን ከሳምንታት በኋላ በፖስታ ወይም በኢሜይል ስለሚመጣ ብዙ ሰው አያገኘውም፤ ካልደረሰዎት ዛሬ ጠይቀው ከዲድዎ ጋር ያስቀምጡት። ከኩባንያው መልስ ሳያገኙ ከከሳሹ ጋር አይስማሙ፣ ገንዘብም አይክፈሉ፤ ያለ ፈቃዳቸው የተደረገ ስምምነት ሽፋኑን ሊያሳጣዎት ይችላል። ማሳወቅ ዘግይቶ ኩባንያው ከተጎዳም ክፍያው ሊቀንስ ይችላል።

ኩባንያው ጉድለቱን ማስተካከል፣ መከራከር ወይም መክፈል ከሦስቱ አንዱን ይመርጣል፤ ምርጫው የእሱ ነው። የሚከፍልዎት የጉዳትዎን መጠን ነው፦ ቤቱ ያለ ጉድለቱና ከነጉድለቱ ያለው የዋጋ ልዩነት። ጥያቄዎን ውድቅ ካደረገ ምክንያቱን ከነፖሊሲው ቁጥር በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ከዚያ ለግዛትዎ ኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ ማመልከት ይችላሉ። በቨርጂኒያ ይህ በስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን ሥር ያለው የኢንሹራንስ ቢሮ ነው፣ በሜሪላንድ ደግሞ የሜሪላንድ ኢንሹራንስ አስተዳደር ነው።